የጆሮ ምስክር

ሃምሳ አለቃ ዝናሽ ሜዳዩን የተቀበለችው ጡረታ ከወጣች በሁለተኛው ዓመት፣ ደብረ ታቦር ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሬዲዮ ኦፕሬተርነት አገልግላ ወጥታ፣ አሁን ከመናኸሪያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሞባይል ትጠግናለች። የዚያን ቀን ሱቋን ዘግታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ድንኳን ሥር ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ድንኳኑን እየገፋ ያርገበግበዋል።

መጀመሪያ የተጠራው በክራንች የሚሄድ አንድ ወጣት አሥር አለቃ ነው። መድረኩ ላይ ሲቆም አስተዋዋቂው ረጅም ጽሑፍ አነበበ። ውጊያው የት እንደነበረ፣ በየትኛው ሰዓት ምሽጉ እንደተሰበረ፣ ልጁ ማንም ሳያዘው ምን እንዳደረገ፣ ባያደርገው ኖሮ ምን ይከተል እንደነበረ አንድ በአንድ ተነገረ። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ከዚያ የነዝናሽ ተራ መጣ። የእነሱ ጥሪ ፈጣን ነበር። ማዕረግ፣ ስም፣ የአገልግሎት ዘመን፤ ቀጥሎ ሌላ ማዕረግ፣ ሌላ ስም። አንድ ኮሎኔል ሜዳዩን ደረቷ ላይ ሰካላት፤ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥታው ወርዳ ተቀመጠች። ደስ ብሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ አያ ይሻውና እትዬ እቴነሽ ሰዉን እየገፉ ወደ እሷ መጡ። ባልና ሚስቱ ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ልጃቸው ሞገስ በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ከዝናሽ ጋር በአንድ ሻለቃ ውስጥ ነበር፤ ከአንድ ጉብታ ላይ ሳይወርድ ቀረ። የዛሬውን ጥሪ ያገኙት በሰማዕት ቤተሰብነት ነው። ዝናሽ ከጦርነቱ ወዲህ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር ትጠይቃቸው ነበር፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ ዓመት በዓል አያልፋትም። እነሱም እንደ ልጃቸው ያይዋታል።

እትዬ እቴነሽ ሜዳዩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እሰይ ልጄ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ።» ቆየት ብለው ግን ወደ ወጣቱ አሥር አለቃ በአገጫቸው አመለከቱ። «ለዚያ ልጅ ያን ሁሉ ታሪክ አነበቡለት። ላንቺ ስምሽን ጠርተው ዝም አሉ። ምነው? ያንቺ ያንሳል?»

«አያንስም እትዬ፤ ሌላ ነው» አለች ዝናሽ። «የኔ የረዥም አገልግሎት ነው። ዓመቱ ሲሞላ፣ ከባድ ጥፋት ከሌለብሽ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ራሱ ቆጥሮ ያወጣዋል። ማንም አይመሰክርልሽም፤ ምስክሩ ዘመኑ ነው። የሱ የጀብዱ ነው። እሱን ዓመት አያመጣውም። ትናንት የተቀጠረ ወታደር ዛሬ ሊያገኘው ይችላል፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ደግሞ ሳያገኝ ይሞታል። ከታዘዘው በላይ አድርጎ፣ ያደረገውን ያዩ ሰዎች ኖረው፣ አዛዡ ጽፎ ሲያቀርብለት ነው።»

ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ሞገስስ?»

አያ ይሻው በትራቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ግን አስበው ጨርሰው ነው።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው ያገለገለ» አሉ። «በዘመን ቢሆን አይደርሰውም። እንግዲህ ያለው ያች አንዲት ቀን ናት። ስለዚያች ቀን የጻፈ ሰው አለ?»

የጻፈ ሰው አልነበረም። ዝናሽ ይህን ታውቃለች፤ ለምን እንዳልነበረም ታውቃለች። የሻምበሉ አዛዥ ሻምበል ኪዳኔ በዚያ ቀን ሞገስን በሬዲዮ «ለጀብዱ እጽፍልሃለሁ፣ ብቻ ውረድልኝ» ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች። ሻምበል ኪዳኔ በማግስቱ ማለዳ ራሱ ሞተ። የሱን ቦታ የተካው መኮንን ከሌላ ክፍል የመጣ ነው፤ ሞገስ የሚባል ሰው አያውቅም። ጦርነቱ አለቀ፤ ሻለቃው ተበተነ። ሞገስ በሰማዕትነት ተመዘገበ፤ ቤተሰቡም የምስክር ወረቀት ደረሰው። በቃ።

«እጠይቃለሁ» አለች ዝናሽ። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄደች። እዚያ ባለው የጦር ካምፕ ውስጥ የሽልማት ጉዳይ የሚይዘው መኮንን ሻለቃ አዳነ የሚባል፣ ጸጉሩ ያለ ጊዜው የሸበተ ሰው ነው። ዝናሽ ፊቱ ቆማ ሰላምታ ስትሰጠው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ሳያቋርጣት ሰማት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ላታልልዎት አልፈልግም» አላት። «የጀብዱ ጥቆማ የሚነሣው ከታች ነው። የቅርብ አዛዡ ይጽፋል፤ የሻለቃው አዛዥ ያያል፤ ከዚያ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር፣ የሽልማት ኮሚቴ እያለ ይወጣል። በየደረጃው ይጣራል። አንደኛ ደረጃ ተብሎ የተጠየቀው ሦስተኛ ሆኖ ሊጸድቅ ይችላል፤ ጨርሶ ሊወድቅም ይችላል። ራሱ ጀግናው፣ ወይም ቤተሰቡ ስለ ጠየቀ የሚሰጥ ነገር አይደለም።»

«አዛዡ ሞቷል፣ ሻለቃ።»

«እሱን ተረድቻለሁ። ዘግይቶ የመጣ ጥቆማ ቢሆንም በር አልተዘጋም። አዛዡ ከሌለ ግን ምስክሮቹ እንደ ብረት መሆን አለባቸው። በቦታው የነበሩ፣ በዓይናቸው ያዩ፣ ቢያንስ ሁለት። ቃላቸው ለየብቻ ይወሰዳል። የቆሙበትን ቦታ በንድፍ ካርታ ላይ ያመለክታሉ፤ ከዚያ ቦታ ድርጊቱ ይታያል ወይ ተብሎ ይጣራል።» ብዕሩን አስቀመጠ። «ደግሞ ዋናው ጥያቄ አለ። ልጁ እዚያ የቆየው ታዝዞ ነው ወይስ በራሱ? ጉብታውን ያዝ ተብሎ ከያዘ ግዳጁን ተወጥቷል፤ መሥዋዕት ነው፣ ክብር ይገባዋል፤ ጀብዱ ግን ከግዳጅ በላይ ያለው ነው።»

«ውረድ ነው የተባለ። ሁለት ጊዜ ነው የታዘዘ። እኔው ነኝ ትእዛዙን ያስተላለፍሁት።»

ሻለቃው ቀና ብሎ አያት። «ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሬዲዮ መዝገቡ አለ?»

«ከማዘዣ ጣቢያው ጋር ተቃጥሏል።»

«እርስዎስ ከየት ሆነው ነው?»

«ከጉብታው ጀርባ። ማዘዣ ጣቢያው እዚያ ነበር።»

ሻለቃው ብዕሩን አነሣ። ቆይቶ «ያየ ሰው ይፈልጉ» አላት።

ያየ ሰው አንድ ታውቃለች። በሠራዊቱ ሳለ ሞላ ይባል የነበረ የሞገስ ጓድ ወታደር ነው። በዚያ ቀን ጭኑን ተመቶ ከወረዱት ቁስለኞች አንዱ እሱ ነበር። ከዳነ በኋላ ዓለም በቃኝ ብሎ መንኩሶ፣ ጣራ ገዳም ገባ። አሁን አባ ወልደሚካኤል ናቸው።

ዝናሽ በወረታ አድርጋ አዲስ ዘመን ወረደች፤ ከዚያ ጫካውን በእግሯ ወጣች። አባ ወልደሚካኤልን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመች። መጀመሪያ አላወቋትም፤ ድምፅዋን ሲሰሙ ግን ፈገግ አሉ።

«አንቺ ነሽ? ይህን ድምፅ እንዴት እረሳዋለሁ!»

የመጣችበትን ነገረቻቸው። መነኩሴው መቁጠሪያቸውን እያሻሹ አዳመጧት።

«ያየሁትን እናገራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያየሁት ይህ ነው። እኔን በቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን ሲያወርዱኝ ፊቴ ወደ ላይ ነበር። ሞገስ ብቻውን መትረየሱ ላይ ነበር። ሌላው የጓዳችን ሰው ሁሉ ወርዷል። የመገናኛው ልጅ አጠገቡ ወድቋል፤ ሞገስ የሬዲዮውን መነጋገሪያ በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ ይተኩሳል። እኛ ታች ሸለቆው እስክንደርስ መትረየሱ አላቋረጠም። ኋላ አቋረጠ። ይህን በእግዚአብሔር ፊት አየሁ።»

«ውረድ መባሉንስ?»

«እሱን አልሰማሁም። ማን ምን እንዳዘዘው አላውቅም፤ ያላወቅሁትን አልልም።»

ዝናሽ ከጫካው ስትወርድ ነገሩን ደጋግማ አሰበችው። መነኩሴው አይተዋል፤ ግን አልሰሙም። እሷ ሰምታለች፤ ግን አላየችም። ሌላ ያየ ሰው ፍለጋ ለማታውቃቸው ጡረተኞች ሳይቀር ስልክ ደወለች። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሞቷል፤ አንደኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ይፋግ አለ የተባለ አንድ ቁስለኛ ተገኝቶ ነበር፤ እሷ ድረስ ሄዳ ስታናግረው የዚያን ቀን ራሱን ስቶ እንደነበረ፣ ራሱን ያወቀው ሆስፒታል ውስጥ እንደሆነ ነገራት። አለቀሰም። «ለኔ ነው የሞተው፣ እኔ ግን አላየሁትም» አላት።

ቃል የሚሰጥበት ቀን ሲቆረጥ አያ ይሻውና እትዬ እቴነሽ ከዋዜማው ደብረ ታቦር መጥተው ከሷ ዘንድ አደሩ። አመሻሽ ላይ አያ ይሻው ለጸሎት ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እትዬ እቴነሽ ይህንኑ ጊዜ ሲጠብቁ ነበርና ወደ ዝናሽ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ያ ሻለቃ ሁለት ያየ ሰው ነው ያለ?»

«አዎ እትዬ።»

«መነኩሴው አንድ። ሁለተኛ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አላየሁም። የሰማሁ ነኝ።»

«ሰማሁ ከማለት አየሁ ማለት ምኑ ይከብዳል? አንድ ቃል ናት። ውሸት እኮ አይደለም፤ ያደረገውን ነው የምትናገሪለት። አላደረገም?»

«አድርጓል።»

«እንግዲያስ!» እጇን ያዟት። «እኔ ሰባ አልፎኛል። ሌላ ልጅ የለኝም። ሰው ልጅሽ ምን ሆኖ ሞተ ሲለኝ በጦርነት እላለሁ። በጦርነት ስንቱ ሞቷል? ለዚያ ልጅ እንዳነበቡት አንድ ቀን ቆመው እንዲያነቡለት ነው የምፈልግ። ሰው እንዲሰማው። ብረቱን ከፈለጉ ያስቀሩት።»

ዝናሽ «እሺ» አለች። ያን ሰዓት ከልቧ ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሐሙሲት ላይ ገበያ ነበርና መንገዱ በከብትና በሰው ተዘግቶ ብዙ ቆሙ። እትዬ እቴነሽ በመስኮት እያዩ ቀስ ብለው ይጸልያሉ። አያ ይሻው የክት ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ዝናሽ በሆዷ «አየሁ፣ አየሁ» እያለች ትለማመዳለች። ከማዘዣ ጣቢያው በስተግራ ከፍ ያለ ድንጋይ ነበር። አንቴናው ሲያስቸግር አንዳንዴ እሱ ላይ ትወጣ ነበር። ከዚያ ጉብታው ይታያል። በዚያች ቀን ወጥቼ ነበር ብትል ማን ይከራከራታል?

አባ ወልደሚካኤል ቀድመው ደርሰው ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ለሁሉም ቡራኬ ሰጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ቃል ከሰጡ በኋላ ከሌላው ምስክር ጋር መነጋገር ክልክል ነው ተብለዋል።

ዝናሽ ገባች። ሻለቃ አዳነ በመሀል፣ ሁለት መኮንኖች በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የቦታው ንድፍ ካርታ ተዘርግቷል፤ ጉብታው፣ ገደሉ፣ ሸለቆው። ማዕረጓን፣ ስሟን፣ በዚያን ጊዜ የነበረችበትን ክፍል ተናገረች። እውነት ለመናገር ማለች።

«በድርጊቱ ጊዜ የነበሩበትን ቦታ ያመልክቱልን» አላት አንደኛው መኮንን።

ዝናሽ ጣቷን ዘረጋች። ድንጋዩን ልታመለክት ነበር። ካርታው ላይ ያገኘችው ግን ማዘዣ ጣቢያውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦታ ስትጠየቅ ያለችበትን ብቻ ስትናገር የኖረች ሴት ናት፤ የውሸት ቦታ ከተናገረች የመድፉ ጥይት የሚወድቀው የራሷ ሰው ላይ ነው። ጣቷ እዚያው ቀረ። ልታነሣው ሞከረች፤ አልተነሣላትም።

«እዚህ» አለች።

«ከዚህ ሆነው ጉብታውን ያያሉ?»

ሻለቃ አዳነ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ጠበቀ። አንዲት ቃል ነበር የቀረችው። ከበሩ ወዲያ ሁለቱ ሽማግሎች ተቀምጠዋል።

«አላይም» አለች። «በሬዲዮ ነው የሰማሁት።»

ከዚያ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። የመገናኛው ልጅ ድምፅ እንዴት እንደጠፋ፣ ሞገስ እንዴት መነጋገሪያውን እንዳነሣ። ሻምበል ኪዳኔ «ሁላችሁም ውረዱ» ማለቱን፣ ሞገስ «ቁስለኞቹ ገና ገደሉ ላይ ናቸው፤ መትረየሱ ዝም ካለ ይጨርሷቸዋል» ማለቱን። ሻምበሉ «ትእዛዝ ነው፣ ውረድ» ሲለው «ትእዛዙ ደርሶኛል» ብሎ መልሶ አለመውረዱን። መኮንኖቹ ሁሉንም ጻፉ። አንደኛው «ይህን ሌላ የሰማ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሻምበል ኪዳኔ ነበር።»

«በሕይወት ያለ።»

«የለም።»

ስትወጣ እትዬ እቴነሽ ብድግ ብለው ፊቷን አዩ። አያ ይሻው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ፤ «ውኃ ጠጪ፣ ፊትሽ ገርጥቷል» አሏት። መንገዱን ሁሉ ማንም አልተናገረም።

መልሱ ክረምቱን ሙሉ ሳይመጣ ቆየ። ዝናሽ ሱቋ ውስጥ የሰው ስልክ ፈታ ስትገጥም የራሷ በጠራ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ታነሣዋለች። መስቀል ላይ ወደ ጉና አልሄደችም፤ ምን ይዛ ትሄዳለች? ኅዳር መጨረሻ ላይ ሻለቃ አዳነ ራሱ ደወለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ኮሚቴው ወስኗል» አለ። ድምፁ ደክሟል። «አንድ የዓይን ምስክር ብቻ ስላለ፣ እሱም ልጁ በራሱ ፈቃድ መቆየቱን ስለማያውቅ፣ ለጀብዱ ሜዳይ መስፈርቱን አላሟላም ተብሏል። የእርስዎን ቃል አምነውታል። ግን በቦታው አልነበሩም። ስለ ትእዛዙም ከእርስዎ ቃል ሌላ ማረጋገጫ የለም።»

«ዝቅ ባለው ደረጃስ?»

«ደረጃው የሚወርደው ድርጊቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ድርጊቱ ራሱ አልተረጋገጠም።»

«በአገልግሎትስ? አንድ ነገር?»

«ለአገልግሎት የመጀመሪያው እርከን እንኳ አልደረሰም። ያውቁታል።» «እኔ በግሌ ልጁ እንዳደረገው አልጠራጠርም። ግን እኔ ሜዳይ አልሰጥም። አዲስ የዓይን ምስክር ከተገኘ ይምጡ።»

አዲስ የዓይን ምስክር ከየት ይመጣል? ዝናሽ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ይግባኝ የሚባልበትን ቦታ አሰበች፤ ይዛው የምትሄደው ያንኑ ቃል ነው። አዲስ አበባ ብትሄድም ያው ናት፤ ከጉብታው ጀርባ የነበረች ሴት።

በማግስቱ ወደ ጉና ወጣች። መኪናው ካወረዳት ቦታ ጀምሮ መንገዱ ዳገት ነው። ባልና ሚስቱ አውድማ ላይ ነበሩ፤ ገብሱ ተወቅቶ አያ ይሻው በመንሽ ወደ ነፋሱ ያነሡታል፤ እትዬ እቴነሽ ግርዱን ይጠርጋሉ። ስትመጣ ሲያዩ ሁለቱም ሥራቸውን አቆሙ። ዝናሽ ቆማ፣ የሚጣፍጥ ነገር ሳትጨምር፣ የተባለውን እንዳለ ነገረቻቸው።

እትዬ እቴነሽ መጥረጊያውን ጣሉ።

«አየሁ አላልሽም?»

«አላልሁም፣ እትዬ።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«አንዲት ቃል!» አሉ። «አንዲት ቃል ናት የለመንሁሽ! ምን ይቀርብሽ ነበር? ያንቺን ሰጥተውሻል!» ነጠላቸውን ጎትተው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

ዝናሽ እዚያው ቆማ ቀረች። እንባዋ መጣ። አያ ይሻው መንሹን መሬት ላይ ተክለው ወደ ተዘጋው በር አዩ።

«አትፍረጅባት» አሉ።

«አልፈርድም፣ አያ። ልክ ናቸው። ልል ነበር። እጄ እንቢ አለኝ።»

«አውቄ ነበር። የዚያን ቀን ስትወጪ ፊትሽን ሳይ አውቄአለሁ።» «እኔ ብሆን እልለት ነበር፣ ልጄ። ወንጌል ይዤ እልለት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

ዝናሽ መጥረጊያውን አንሥታ ግርዱን ትጠርግ ጀመር። አያ ይሻው አነሡ፤ ነፋሱ ገለባውን ወሰደ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከበስተ ምሥራቅ ደመና ተሰበሰበ። በዚህ ወቅት የማይጠበቅ ደመና ነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ እቴነሽ በእጃቸው ጆንያ ይዘው ወጡ። ዓይናቸው አብጧል። ጆንያውን ከዝናሽ አጠገብ ዘረጉ፤ አፉን ያዥ ሳይሏት ያዘችላቸው፤ እሳቸው በእንጨት አካፋው፣ በላይዳ እየዘገኑ ይጨምሩ ጀመር። አንድ ጆንያ ሞላ።

«ያን ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ» አሉ ዓይናቸውን ከገብሱ ሳያነሡ፣ «በዚያ ሬዲዮ ያወራው ላንቺ ነው?»

«ለሻምበሉ ነበር። በኔ በኩል ነው የሚያልፍ። መጨረሻ ላይ ሻምበሉ ሌላ መስመር ላይ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርሁ።»

«ምን አለ?»

ዝናሽ የጆንያውን አፍ አጥብቃ ያዘች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ይህን ጠይቀዋት አያውቁም። እሷም የሚጠይቋትን ቀን ስትፈራ ነው የኖረች።

«ቁስለኞቹ ሸለቆው ደረሱ ወይ አለኝ። ደርሰዋል አልሁት። እሺ አለ። ከዚያ ጥይት አምጡልኝ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጠራሁት። አልመለሰም።»

እትዬ እቴነሽ ላይዳውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እናቴ አላለም? እኔን አልጠራም?»

አያ ይሻው መንሹን አቁመው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሩ። ዝናሽ የአሮጊቷን ፊት አየች። እዚህ ካርታ የለም፤ የሚያጣራ ኮሚቴም የለም። ቢሆንም አፏ እንቢ አለ።

«አላለም፣ እትዬ» አለች። «አልጠራዎትም።»

እትዬ እቴነሽ ላይዳውን ገብሱ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዴ፣ ደግመው አንዴ።

«ሥራ ላይ ነበራ» አሉ።

የዝናብ ጠብታ አውድማው ላይ ወደቀ፤ ሌላም ተከተለው። አያ ይሻው «ቶሎ በሉ፣ ሳይርስብን!» ብለው ጮኹ። ሦስቱም ተጎንብሰው የቻሉትን ያህል ወደ ቤት ማግባት ጀመሩ። ግማሹ ሳይገባ ዝናቡ መጣ።